የተገዛ ዕቃ ተሰብሮ ሲደርስ፦ ሻጩን መጠየቅ ይሻላል ወይስ አድራሹን?

ከፒያሳ ሱቅ ተገዝቶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የደረሰ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካርቶኑ ሲከፈት ሸክላው ከጠርዙ እስከ መሃሉ ተሰንጥቆ ቢገኝ፣ ገዢው የሚያገኛቸው ሁለት መልሶች አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። ሻጩ «ከሱቅ ሲወጣ ደህና ነበር» ይላል፤ ያመጣው ሞተረኛ ደግሞ «እኔ የተቀበልኩት ታሽጎ ነው፣ ውስጡን አላየሁም» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሻጩ መንገዱን አላየም፣ ሞተረኛውም ካርቶኑ ውስጥ ያለውን አላየም። ገዢው ግን ገንዘቡን ከፍሏል፣ በእጁ ያለውም የተሰነጠቀ ሸክላ ነው።

ባለፈው ዓመት በእናቴ ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ ነገሩን በዚያ ምጣድ አስረዳለሁ። የማነጻጽረው ሦስት መንገዶችን ነው፤ ሻጩን ብቻ መጠየቅ፣ አድራሹን ብቻ መጠየቅ፣ ወይም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጠየቅ። ብዙ ሰው ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው በንዴት ወይም ስልኩን ቶሎ ያነሳለትን በማየት ነው። ምርጫው መመሥረት ያለበት ግን ሞተረኛውን የጠራው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ሞተረኛው የማን ነው?

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1952 መሠረት ውል ጸንቶ የሚሠራው በተዋዋዮቹ መካከል ነው። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ማድረስ ውስጥ የተለያዩ ሁለት ውሎች እንዳሉ መገንዘብ ያስፈልጋል። አንደኛው በገዢና በሻጭ መካከል ያለው የሽያጭ ውል ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃውን በላከውና ባደረሰው ሰው መካከል ያለው የማጓጓዝ ውል ነው። ገዢው በመጀመሪያው ውል ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ሞተረኛውን የጠራው፣ ዋጋውን የተነጋገረውና አድራሻውን የነገረው ሻጩ ከሆነ፣ ሞተረኛው የሻጩ እጅ ማለት ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1758 ዕቃ የማስረከብ ግዴታ ያለበት ሰው ርክክቡ በውሉ መሠረት እስኪፈጸም ድረስ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ አደጋውን እንደሚሸከም ይደነግጋል። የሽያጭ ውልን የሚመለከተው አንቀጽ 2324ም አደጋው ወደ ገዢው የሚተላለፈው ዕቃው በተረከበበት ቀን መሆኑን ይናገራል። ሻጩ «እስከ ቤትዎ እናደርሳለን» ብሎ ከተዋዋለ የርክክቡ ቦታ የገዢው በር ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ የተሰነጠቀው በቴዎድሮስ አደባባይም ሆነ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ የተሰበረው ገና በሻጩ አደጋ ሥር ሳለ ነው።

ሞተረኛውን ገዢው ራሱ ጠርቶ «ሄደህ ተቀብለህልኝ ና» ብሎ ከላከው ነገሩ ይገለበጣል። በውሉ የርክክብ ቦታ ካልተወሰነ ርክክቡ የሚፈጸመው በሻጩ የንግድ ቦታ ነው፤ ዕቃው በሱቁ ባንኮኒ ላይ ለገዢው መልእክተኛ በተሰጠበት ደቂቃ ሻጩ ግዴታውን ፈጽሟል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ለደረሰው ስብራት ገዢው የሚጠይቀው የላከውን ሰው ነው። ሻጩ ሊጠየቅ የሚችለው ዕቃው ከሱቅ ሳይወጣ ተሰንጥቆ ከነበረ ወይም አስተሻሸጉ ለመንገድ የማይበቃ ከነበረ ብቻ ነው።

ክርክሩ የሚበዛው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ባለው ሁኔታ ነው፤ እኛንም ያጋጠመን እሱ ነበር። ሻጩ በቴሌግራም «የእኛ ሞተረኛ ያደርስልዎታል፤ 300 ብር ለእሱ በእጅ ይሰጡታል» ብሎ የምጣዱን ዋጋ 6,800 ብር ብቻውን በቴሌብር ተቀበለ። ዕቃው ተሰብሮ ሲገኝ ግን «የማድረሻውን ገንዘብ የከፈላችሁት ለሞተረኛው ነው፣ ስለዚህ ውላችሁ ከእሱ ጋር ነው» አለ። ይህ አባባል ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሆኖም የማድረሻውን ክፍያ በእጁ የተቀበለው ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ሞተረኛው የማን እንደሆነ አይወስንም። እናቴ ሞተረኛውን አልመረጠችም፣ ስልኩንም አታውቅም ነበር፣ ስለ ዋጋውም አልተከራከረችም። የመረጠው፣ የጠራው፣ አድራሻውን የነገረውና ዋጋውን የቆረጠው ሻጩ ነው። 300 ብሩ በሽያጩ ላይ የተጨመረ ወጪ እንጂ እናቴ በነጻነት የገባችበት ሌላ ውል አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ሁኔታ የሚያጋጥመው ሰው ከሁሉ በፊት የሻጩን ማስታወቂያና የተጻጻፉትን መልእክት ይመልከት። «እናደርሳለን» የሚለውና «ማድረሻ ማግኘት ይቻላል» የሚለው አነጋገር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው የሻጭ ግዴታ ነው፣ ሁለተኛው ግን ማመላከቻ ብቻ ሊባል ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ የቴሌግራም ጽሑፍ እንደ ተራ ወሬ አይጣልም። ሻጮች ቅሬታ ሲነሳ ማስታወቂያውን ሊያጠፉ ወይም ሊያስተካክሉ ስለሚችሉ ግን ስክሪንሾቱ መነሳት ያለበት ከጥሪው በፊት ነው።

ከማን ላይ ምን ማስረዳት ይጠይቃል?

ሻጩን መጠየቅ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት የማስረዳት ሸክሙ ቀላል መሆኑ ነው። ርክክቡ በገዢው በር ላይ እስከሆነ ድረስ ገዢው ማስረዳት የሚጠበቅበት ዕቃው በሩ ላይ ሲደርስ ተሰብሮ እንደነበር ብቻ ነው። አንቀጽ 2290 ዕቃው ከውሉ ጋር መስማማቱና ጉድለት የሌለበት መሆኑ የሚመዘነው አደጋው ወደ ገዢው በተላለፈበት ጊዜ በነበረው ሁኔታ መሆኑን ይገልጻል። ማን ጣለው፣ በየትኛው ጉድጓድ ላይ ተንገጫገጨ፣ ሞተረኛው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በሻጩና በሞተረኛው መካከል የሚፈታ ነገር ነው።

አድራሹን ለመጠየቅ ግን ሦስት ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከእሱ ጋር ውል እንዳለ፣ ቀጥሎ ዕቃውን ሲቀበል ደህና እንደነበር፣ በመጨረሻም ሲያስረክብ ተሰብሮ እንደነበር። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ታሽጎ የተሰጠን ካርቶን የተቀበለ ሞተረኛ ውስጡ ደህና እንደነበር አምኖ አያውቅም፤ ገዢውም በዚያች ሰዓት ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ሞተረኛውን ራሳችሁ የምትልኩ ከሆነ ይህን ክፍተት የሚደፍነው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ሻጩ ምጣዱን ከማሸጉ በፊት በጣቱ እያንኳኳ አጭር ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ደህና ሸክላ ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ የተሰነጠቀ ግን የታፈነ ድምፅ ነው ያለው፣ እናቶቻችንም ድስትና ምጣድ ሲገዙ የሚያንኳኩት ለዚሁ ነው። ሞተረኛውም ሲረከብ ከውጭ ያለውን ካርቶን ፎቶ አንስቶ ቢልክ፣ መንገዱ ከየት እስከ የት እንደሆነ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ይታያል።

አድራሹ የሚያነሳው ሌላው መከራከሪያ የአስተሻሸግ ጉድለት ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዕቃን በሚገባ ማሸግ በተለምዶ የላኪው ሥራ ስለሆነ፣ አጓጓዡ «ያሸግኸው አንተ ነህ» ቢል ይደመጣል። ካርቶኑ ራሱ ስለዚህ ብዙ ይናገራል። የካርቶኑ አንዱ ጠርዝ ተጨፍልቆ ወይም ተቀዶ ስንጥቁም የሚጀምረው በዚያው በኩል ከሆነ ዕቃው የወደቀ ወይም የተመታ ይመስላል፤ ይህ ወደ አጓጓዡ ያመለክታል። ካርቶኑ ከውጭ ምንም ሳይሆን ውስጡ ባዶ ቦታ ኖሮት ምጣዱ ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረ ከሆነና በጠርዙ ዙሪያ ፎም ወይም የተጨማደደ ወረቀት ካልተደረገ፣ በፒያሳና በልደታ መካከል ባለው የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚደርሰው ተራ መንገጫገጭ ብቻውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህ ደግሞ ወደ ሻጩ ያመለክታል። እነዚህ ምልክቶች ናቸው እንጂ ቁርጥ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ሆኖም ካርቶኑን ወዲያው የሚጥል ሰው ማስረጃውን ግማሹን ጣለ ማለት ነው።

በሩ ላይ፣ ከዚያም ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ

እናቴ ሞተረኛው በያዘው ትንሽ ደብተር ላይ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ካርቶኑን ሳትከፍት ፈርማ ነበር። ሞተረኛው ቸኩሎ ነበር፣ እሷም ልጁን ማስቆም ከበዳት። ይህ ፊርማ ጉዳዩን አያበላሸውም፣ ግን ያዳክመዋል። ፊርማው በቀጥታ የሚያረጋግጠው ካርቶኑ ከውጭ የታየበትን ሁኔታ ነው፤ ተሸፍኖ የመጣ ዕቃ ላይ ያለ ስንጥቅ በሩ ላይ በቆመ ሰው ሊታይ አይችልም። ሆኖም ከመፈረም በፊት «ውስጡ አልታየም» የሚል ሁለት ቃል መጨመር፣ ካርቶኑ ተጨፍልቆ ከታየ ደግሞ «ጠርዙ ተጨፍልቋል» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ክርክር ያስቀራል። ሞተረኛው ማስታወሻ አላስጽፍም ካለ፣ እሱ ቆሞ ሳለ ካርቶኑን ፎቶ ማንሳትና የሞተሩን ሰሌዳ ቁጥር መያዝ ተመጣጣኝ ምትክ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ከምንም በላይ ዋጋ አለው። አንቀጽ 2291 ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ ወዲያው ዕቃውን እንዲመረምር፣ አንቀጽ 2292 ደግሞ ጉድለት እንዳገኘ ሳይዘገይ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። «ሳይዘገይ» የሚለው በሰዓት አልተቆጠረም፤ ነገር ግን ለሚሰበር ዕቃ የዛሬው ዛሬ መነገር እንዳለበት ማንም ይረዳል። በሦስተኛው ቀን የሚላክ ፎቶ «ቤት ውስጥ ነው የተሰበረው» ለሚል መልስ በር ይከፍታል። እኛ መልእክቱን የላክነው ዕቃው ከደረሰ ከ40 ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ከስድስት ፎቶዎች ጋር፣ ለሻጩም ለሞተረኛውም።

ምጣድን በተመለከተ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አስረዳዋለሁ። አዲስ ምጣድ ከመጋገሩ በፊት በጎመን ዘር ይሟሻል። ስንጥቅ ያየ ሰው «ምናልባት ሲሟሽ ይያያዛል» ብሎ ካሟሸው በኋላ ቅሬታ ቢያቀርብ ሻጩ «በእሳት ነው የተሰነጠቀው፣ ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጋችሁታል» ይላል፤ ይህም ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ መልስ ማጣት ይመጣል። ስለዚህ ስንጥቅ የተጠረጠረበት ምጣድ ፈጽሞ አይሟሽም። ከኃላፊነቱ ክርክር ውጭም፣ በሸክላው ሥር የተዘረጋው የማሞቂያ ሽቦ በስንጥቁ በኩል ከሊጡ እርጥበት ጋር ሊገናኝ ስለሚችል የተሰነጠቀን ምጣድ ሶኬት ላይ መሰካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ምጣዱ ከተሟሸ በኋላ ስንጥቁ ከተገኘ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የስንጥቁን ፊት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ስንጥቁ ከማሟሸቱ በፊት የነበረ ከሆነ የጎመን ዘሩ ዘይትና ጥቁረት ወደ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ከማሟሸቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ላዩ ጠቁሮ የስንጥቁ ውስጥ ንጹሕ የሸክላ መልክ እንደያዘ ይቀራል። ሌላው ምልክት የገል ብናኝ ነው። መንገድ ላይ የተሰበረ ሸክላ ደቃቅ ብናኙንና ፍርፋሪውን ካርቶኑ ውስጥ ይተዋል፤ እኛም ካርቶኑን ገልብጠን ስናራግፍ የወጣውን ብናኝ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገን ፎቶ አንስተነው ነበር። ሻጩን በመጨረሻ ያሳመነው ይህ ፎቶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ «ቤት ውስጥ ነው የተሰበረው» የሚለውን ደግሞ አላነሳውም።

የካሣው መጠን

ሁለቱን ምርጫዎች በገንዘብ ስናወዳድር ልዩነቱ ከሚታሰበው ይሰፋል። በሻጩ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ በዕቃው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይለወጥልኝ፣ ዋጋው ይመለስልኝ፣ ወይም ይጠገንልኝ ማለት ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዕቃው ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ የ15 ቀን ጊዜ የሚቆጠረው ከግዢው ቀን ጀምሮ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሻጩ «ነገ እደውላለሁ» እያለ የሚያልፋቸው ቀናት ከገዢው ላይ ይቆጠራሉ።

አድራሹ ግን ብዙ ጊዜ በደረሰኙ ጀርባ ወይም በአገልግሎት ውሉ ላይ ኃላፊነቱን የሚገድብ ቃል ያስገባል፤ ለምሳሌ ዋጋው ያልተነገረ ዕቃ ቢሰበር ከማድረሻ ክፍያው የተወሰነ እጥፍ በላይ እንደማይከፍል ይጽፋል። 300 ብር ለተከፈለበት አገልግሎት እንዲህ ያለ ገደብ ከ6,800 ብሩ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ግልጽ ነው። በሀገራችን ዕቃን በየብስ ማጓጓዝን የሚገዛ የራሱ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 547/1999፣ ስላለ በውል ላይ የተጻፈ ገደብ ሁሉ እንዳለ ይጸናል ማለት አይደለም፤ ክርክሩን ግን ያራዝመዋል። ወሳኙ ነጥብ ይህ ገደብ በማን ላይ እንደሚሠራ ነው። የማጓጓዙን ውል የተዋዋለው ሻጩ ከሆነ ገደቡ የሚያስረው ሻጩን ነው። ሻጩ «ድርጅቱ የሚመልስልኝ 1,500 ብር ብቻ ስለሆነ እኔም የምከፍላችሁ ያንኑ ነው» ሊል አይችልም፤ እሱ ያላስነበበውንና ገዢው ያልፈረመበትን ገደብ ወደ ገዢው ማሻገር አይቻልም። ገዢው ራሱ በስልኩ መተግበሪያ አድራሽ ጠርቶ «እስማማለሁ» የሚለውን ከተጫነ ግን ገደቡ ራሱን ይገጥመዋል።

እንጀራ ከውጭ እየገዛን የቆየንበትን ወጪ መጠየቅ ይገባን እንደሆነም ተነጋግረን ነበር። አንቀጽ 1799 ካሣው በተለመደው ሁኔታ ውሉ ባለመፈጸሙ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ ከዚያ የበለጠ ጉዳት የሚካሰው በአንቀጽ 1801 መሠረት ባለዕዳው ልዩ ሁኔታውን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። እንጀራ ለሽያጭ የምትጋግር ሴት ምጣዱን ስታዝዝ «ከሐሙስ ጀምሮ ለሆቴል የማቀርበው ትእዛዝ አለብኝ» ብላ ጽፋ ከነበረ የቀረባትን ገቢ ለመጠየቅ መሠረት አላት፤ እኛ እንዲህ ያለ ነገር ስላልነገርነው የእንጀራውን ወጪ አልጠየቅንም፣ ትክክልም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጠየቅ

ሞተረኛውን ማን እንደጠራው ግልጽ በማይሆንበት ጊዜ ሁለቱንም በአንድ መልእክት መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ነው። አንዱን ብቻ የጠየቀ ገዢ፣ ያ ሰው ኃላፊ እንዳልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢታወቅ፣ ለሌላው በጊዜ ባለማስታወቁ ይወቀሳል። አንቀጽ 1772ም ውል አልተፈጸመም ብሎ መብትን ለመጠየቅ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ለሁለቱ መጻፍ ግን ሁለት ጊዜ ካሣ መቀበል ማለት አይደለም፤ ይህን በመልእክቱ ላይ በግልጽ ማስፈር ሁለቱንም ያረጋጋል። እኛ የላክነው ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦

«ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ልደታ የደረሰን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ከጠርዝ እስከ መሃል ተሰንጥቆ አግኝተነዋል። የካርቶኑ ቀኝ ጠርዝ ተጨፍልቋል፤ ምጣዱ አልተሟሸም፣ ሶኬትም ላይ አልተሰካም። ፎቶዎቹ ተያይዘዋል። በሽያጩ መሠረት ዕቃውን እስከ ቤታችን ለማድረስ የተስማሙት ሻጩ ስለሆኑ ምጣዱን በአምስት ቀን ውስጥ እንዲለውጡልን ወይም 6,800 ብሩን እንዲመልሱልን እንጠይቃለን። አድራሹም ዕቃውን ሲረከቡ የነበረበትን ሁኔታ እንዲገልጹልን እናሳስባለን። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከካሣችሁን ከሌላው የምንጠይቀው አይኖርም።»

የመልእክቱ ጥንካሬ ያለው ስለ ሰዎቹ ጠባይ አንድም ቃል ሳይናገር ሰዓቱን፣ የጉዳቱን ዓይነት፣ የሚፈለገውን ነገርና የመጨረሻውን ቀን በመያዙ ነው። ንዴት የሞላበት ረጅም የድምፅ መልእክት ለንግድ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ለፍርድ ቤት ለማቅረብ ያስቸግራል።

ሻጩ በመጀመሪያው ቀን «ማዘር፣ እኔ ምን ላድርግልዎት፣ ሞተረኛውን ይጠይቁ» አለ። በሁለተኛው ቀን የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ላክንለት፤ «ፒያሳ ካለው ሱቃችን እስከ ቤትዎ እናደርሳለን» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱቁ ያለበት የአራዳ ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ልናመለክት ማሰባችንን ነገርነው። ቅሬታ የሚቀርበው ሱቁ ባለበት ክፍለ ከተማ ስለሆነ የልደታው ነዋሪ ወደ ልደታ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ወደ አራዳ ከመመለስ በስተቀር የሚያተርፈው የለም። ለማመልከት የሚያስፈልገው የክፍያ ማስረጃ፣ የተጻጻፉት መልእክት ቅጂ፣ ፎቶዎቹና የሱቁ ትክክለኛ አድራሻ ነው። በቴሌግራም ብቻ የሚነግድና የሚታወቅ ሱቅ የሌለው ሻጭ ሲያጋጥም ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ተለይቶ የሚታወቅ ድርጅት ያለው አድራሽ ከሻጩ ይልቅ የተሻለ ተጠያቂ የሚሆነው በዚህ ሁኔታ ነው፣ ምንም እንኳ የማስረዳት ሸክሙ ቢከብድ።

በአራተኛው ቀን ሻጩ ሁለት አማራጭ አቀረበ። አንደኛው ሸክላውን ብቻ ማስቀየር ነው፤ ባለሙያው ሽቦውን ከአሮጌው ሸክላ አውጥቶ በአዲሱ ላይ ይዘረጋውና በጀሶ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ሙሉውን ምጣድ መለወጥ ነው። ሸክላ ማስቀየር የቆየ ምጣድ ላላቸው ሰዎች የተለመደና ርካሽ ጥገና ነው፤ አዲስ ምጣድ ለገዛ ሰው ግን አልመክረውም። በምቱ ጊዜ ሽቦው ተላቅቆ ወይም ተወጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ያም የሚታወቀው ምጣዱ ከወራት በኋላ በአንድ በኩል ብቻ ሲጋግር ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሻጩን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሙሉ ቅያሪውን መረጥን። የሁለተኛውን ማድረሻ ክፍያ ሻጩ ቻለ፤ በእሱና በሞተረኛው መካከል የተነጋገሩትን አልጠየቅንም፣ ልንጠይቅም አይገባም ነበር።

አዲሱ ምጣድ ሲመጣ እናቴ ሞተረኛውን አስቆመችው፣ ካርቶኑን ደረጃው ላይ ከፍታ ሸክላውን ዙሪያውን አንኳኳች፣ ከዚያም ፈረመች። ሞተረኛው አሮጌውን ይዞ ሊመለስ ሲል፣ የተሰበረው ምጣድ በምትኩ መመለሱን የሚገልጽ አንድ መስመር በሻጩ ቴሌግራም እስኪላክልን ድረስ አላስረከብነውም። የተሰበረው ዕቃ ከእጅ ከወጣ በኋላ ፎቶ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሻጩ ደግሞ ለውጦ ሲያበቃ «አሮጌውን አልመለሱም» ቢል ለእሱም የሚሰጠው መልስ በእጃችን መኖር ነበረበት።